የቼክ ንባብ ችግርና መፍትሄ፦ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ አልስማማ ሲል

ምልክት፦ ቼኩ ትክክል ሆኖ ሳለ የቼክ ምስል የሚያነበው ፕሮግራም «አይስማማም» ይላል።

በአኃዝ 125,450.75፣ በፊደል «መቶ ሃያ አምስት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ብር ከ75/100» ተጽፏል እንበል። ፕሮግራሙ ከፊደሉ 5,570 ብር ካወጣ፣ «ሺህ»ን ያባዛው ከጎኑ ካለው «አምስት» ጋር ብቻ ነው፤ መቶውንና ሃያውን እንዲሁ ደምሯቸዋል። «ሺህ» ግን ከፊቱ የተጠራቀመውን 125 በሙሉ ማባዛት አለበት። ከታች `NUM` የቁጥር ቃላትን ከነዋጋቸው የያዘ መዝገብ ነው።

```python
def birr(words):
    total = cur = 0
    for w in words:
        v = NUM[w]
        if v >= 1000:
            total += max(cur, 1) * v
            cur = 0
        elif v == 100:
            cur = max(cur, 1) * 100
        else:
            cur += v
    return total + cur
```

«ብር»፣ «ብቻ» እና የሳንቲሙ ክፍል አስቀድመው ይለዩ። ሁለቱም መጠኖች የሚወዳደሩት ወደ ሳንቲም ተቀይረው በሙሉ ቁጥር ነው፤ እዚህ 12545075 ከ12545075 ጋር።

ቃሉ `NUM` ውስጥ ካልተገኘ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የፊደል ልዩነት ነው፤ ሃምሳ፣ ሀምሳ፣ ኀምሳ፣ ሐምሳ ሁሉም ይጻፋሉ። ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን ከነዝርያቸው ወደ አንድ ፊደል ይመልሱ፣ ሀንና ሃንም አንድ ያድርጉ፤ «ሺ»ንና «ሽህ»ንም ይጨምሩ።

ምልክት፦ የማይስማማው ቼክ ሳይያዝ ያልፋል።

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። መነሻው በደንብ ያልተነበበውን ቃል «በጣም በሚቀርበው» ቃል መተካት ነው። ሰባና ሰባት፣ ዘጠኝና ዘጠና የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ በገንዘብ ግን አሥር እጥፍ ናቸው። አኃዙን አይቶ ፊደሉን መምረጥ ደግሞ ማመሳከሩን ራሱን ያፈርሰዋል። ሁለቱ መስኮች ለየብቻ ይነበቡ፤ ያልታወቀ ቃል ካለ ውጤቱ «አልተነበበም» ይሁንና ቼኩን ሰው ይየው። ይህ «አይስማማም» ከሚለው ጋር መቀላቀል የለበትም፤ አንዱ የንባብ ችግር፣ ሌላው የቼኩ ችግር ነው።

በእርግጥ የማይስማማ ሲገኝ ሁለቱም መጠኖች እንዳሉ ይመዝገቡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በፊደል የተጻፈውን ያጸናል፤ ያም ቢሆን ፕሮግራሙ አኃዙን በራሱ ማረም የለበትም።

ምልክት፦ አኃዙ አሥር እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ከ«12,500/=» መጨረሻ ያለው ሰረዝ እንደ 1 ተነቦ 125001 ይሆናል። ከኮማ በኋላ ሦስት አኃዝ ብቻ መኖሩን ያረጋግጡ።

ምልክት፦ አዲስ ቼክ የሰባት ዓመት አሮጌ ይመስላል። 05/03/2017 ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሆነ በጎርጎርዮሳዊው ኖቬምበር 14 ቀን 2024 ነው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስልተው ቼኩ ለባንክ ከቀረበበት ቀን ጋር የሚቀራረበውን ይውሰዱ። ወሩ 13 ከሆነ ጳጉሜን ስለሆነ ጥያቄ የለውም።

ምልክት፦ «ለማ» «ማ» ሆኖ ይወጣል። ፕሮግራሙ የታተመውን «ለ» ለመጣል ሲል የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ቆርጧል። «ለ»ን ከጽሑፉ አይቁረጡ፤ የተከፋዩ ስም መስክ ከምስሉ ሲቆረጥ ከታተመው «ለ» በኋላ ይጀምር።