ችግርና መፍትሄ፦ ከ«ግዢ» ወደ «ክፍያ» የተሳለችው ቀስት

ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ቢሮ ሁለት መሐንዲሶች ለእሸት ቡና ግዢ የሚያገለግል ሥርዓት ሲሠሩ እኔ የቡድኑ ሦስተኛ አባል ነበርሁ። ሥርዓቱ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። «ግዢ» የተባለው ክፍል በማጠቢያ ጣቢያው ላይ የተመዘነውን ቡና ክብደት ከደረሰኝ ቁጥሩ ጋር ይመዘግባል፤ «ክፍያ» ደግሞ ከእነዚያ ደረሰኞች ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ገበሬ የሚገባውን ገንዘብ ያሰላና የቀኑን የክፍያ ዝርዝር ያዘጋጃል። በነጭ ሰሌዳው ላይ ለእነዚህ ክፍሎች ሁለት ሳጥኖች ተስለው ነበር፤ ከ«ግዢ» ተነሥታ ወደ «ክፍያ» የምታመለክት አንዲት ቀስትም በመካከላቸው ነበረች። ቀስቷ ላይ ምንም ጽሑፍ አልነበረም። ሁለቱም መሐንዲሶች ሥዕሉን አይተው ተስማምተው ወደየሥራቸው ሄዱ፤ ከዚህ በታች የምገልጻቸው ብልሽቶች ሁሉ የመጡት ከዚያ ስምምነት ነው።

የመጀመሪያው ምልክት፦ ሁሉም ደህና ይመስላል፣ የክፍያው ዝርዝር ግን ባዶ ነው

ሥርዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በአጋሮ አካባቢ ባለ አንድ ጣቢያ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ደረሰኞች በ«ግዢ» ዳታቤዝ ውስጥ ይገቡ ነበር። ሁለቱም ሰርቨሮች እየሠሩ ነበር፤ በሁለቱም ሎግ ውስጥ አንድም የስህተት መልእክት አልተገኘም። ሆኖም እስከ ቀትር ድረስ በ«ክፍያ» በኩል አንድም መስመር አልተጻፈም።

ስህተት ሳይኖር ሥራ ሲቆም መታየት ያለበት የመጀመሪያው ነገር የተበላሸው ኮድ ሳይሆን፣ ጥያቄውን የሚልከው ማን እንደሆነ ነው። የስህተት መልእክት የሚወለደው አንድ ሰው ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር ነውና፤ ማንም ካልሞከረ የሚመዘገብ ነገር አይኖርም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ወደ እርሱ የመጣውን ጥያቄ ቆጠርን። የመጀመሪያውን ትእዛዝ በ«ክፍያ»፣ ሁለተኛውን በ«ግዢ» ሰርቨር ላይ አስኬድን።

```
grep -c "POST /payments" access.log
grep -c "GET /receipts" access.log
```

ሁለቱም የመለሱት 0 ነበር። ምክንያቱም በዚያው ግልጽ ሆነ። የግዢው መሐንዲስ ቀስቷን «መረጃው ከግዢ ወደ ክፍያ ይሄዳል» ብሎ ስለ ተረዳት፣ «ክፍያ» መጥቶ የሚወስድበትን `GET /receipts` አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የክፍያዋ መሐንዲስ ደግሞ «ግዢ ክፍያን ይጠራል» ብላ ስላነበበቻት፣ «ግዢ» የሚያስረክብበትን `POST /payments` ከፍታ ትጠብቅ ነበር። ሁለቱም በራቸውን ከፍተው እንግዳ ይጠብቃሉ፤ ከቤቱ የወጣ ሰው ግን የለም። በየግል ሙከራቸው ጊዜ ይህ ያልታየው እያንዳንዳቸው የሌላውን ወገን ቦታ ተክተው ጥያቄውን በእጃቸው ይልኩ ስለ ነበር ነው።

ሁለተኛው ምልክት፦ እያንዳንዱ ደረሰኝ በትክክል ሁለት ጊዜ ይከፈላል

በዚያው ምሽት ሁለቱም፣ አንዱ ለሌላው ሳይነግር፣ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ጉድለቱን ለመሙላት ተነሣ። እሱ አዲስ ደረሰኝ በተመዘገበ ቁጥር ወደ `POST /payments` የሚልክ ኮድ ጨመረ፤ እሷም በየ10 ደቂቃው ከ`GET /receipts` የምትወስድበትን ኮድ ጨመረች። የሁለቱም ሥራ በቅንነት የተሠራ ነበር። በማግስቱ የጣቢያዋ ገንዘብ ያዥ ዝርዝሩን አትማ ስታየው የአንድ ገበሬ ስም ከነኪሎው ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኘችና ወደ ባንክ ከመውሰዷ በፊት ደወለችልን። በጣቢያው የተቆረጡት ደረሰኞች 31 ሲሆኑ በዝርዝሩ ላይ ያሉት መስመሮች 62 ነበሩ።

ይህን ቁጥር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኔትወርክ ተቆራርጦ ዳግም ከተላከ የሚደጋገሙት ጥቂት ደረሰኞች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ሊገኝ ይችላል። ሁሉም ደረሰኝ ያለ ልዩነት ሁለት ጊዜ ከተገኘ ግን መረጃው በሁለት መንገድ እየመጣ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ልዩነቱን የሚያሳየው መጠይቅ ይህ ነው፦

```
SELECT receipt_no, COUNT(*)
FROM payments
GROUP BY receipt_no
HAVING COUNT(*) > 1;
```

ምክንያቱ፦ ክርክሩ ራሱ

በሰሌዳው ፊት የተደረገው ክርክር ረዘም ያለ ነበር፤ እኔም ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። «ቀስት የመረጃ መንገድ ነው፤ የተማርነውም እንዲሁ ነው» አለ እሱ። በመረጃ ፍሰት ሥዕል ውስጥ ቀስት በእርግጥም መረጃው የሚጓዝበትን አቅጣጫ ያሳያል። «እኔ የተማርሁት ደግሞ ቀስት ከጠሪው ተነሥቶ ወደ ተጠሪው እንደሚሄድ ነው» አለችው። እርሷም አልተሳሳተችም፤ በዩኤምኤል የቅደም ተከተል ሥዕል የጥያቄው ቀስት ከጠሪው ወደ ተጠሪው ይሳላል፤ ጥገኝነትን የሚያሳየው የተቆራረጠ ቀስትም ከጥገኛው ተነሥቶ ወደሚመካበት ነገር ያመለክታል።

የግዢው መሐንዲስ «ታዲያ ሁለቱ ምን ያጣላቸዋል? አቅጣጫው አንድ አይደለም እንዴ?» ሲል፣ እሷ ከሥራችን ምሳሌ አወጣች። «ቡናው ከገበሬው ማሳ ወደ ጣቢያው ይመጣል፤ ይህ አይለወጥም። ግን ገበሬው ራሱ በአህያ ጭኖ ያመጣዋል ወይስ የጣቢያው መኪና ሄዶ ይሰበስበዋል? ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ቢበላሽ በመጀመሪያው ቡናው በገበሬው እጅ ይቀራል፣ ተመልሶ የሚሞክረውም እሱ ነው፤ በሁለተኛው የሚጠየቀው ሾፌሩ ነው።»

የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። «ግዢ» ራሱ የሚልክ ቢሆን የመረጃው አቅጣጫና የጥሪው አቅጣጫ አንድ ስለሚሆኑ በአንዲት ቀስት ብንገልጻቸውም ጉዳት አይኖርም ነበር። «ክፍያ» ሄዶ የሚወስድ ከሆነ ግን መረጃው ከ«ግዢ» ወደ «ክፍያ» ሲሄድ ጥሪው ከ«ክፍያ» ወደ «ግዢ» ይሄዳል፤ ቀስቶቹ ተቃራኒ ናቸው። ጽሑፍ የሌላት ቀስት ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች ከመልኳ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

መፍትሄው

መጀመሪያ የተደረገው ተጨማሪ ጉዳትን መከላከል ነበር። የክፍያው ሠንጠረዥ አንድን የደረሰኝ ቁጥር ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይቀበል ተደረገ። ይህ ገደብ ተደጋጋሚ መስመሮች እያሉ አይጫንም፤ ስለዚህ አስቀድሞ 31ዱን ትርፍ መስመሮች ለይቶ ማውጣት አስፈለገ።

```
ALTER TABLE payments
ADD CONSTRAINT one_payment UNIQUE (receipt_no);
```

ይህ ዘዴ የሚሠራው የደረሰኝ ቁጥሩ በሚዛኑ ዘንድ፣ ደረሰኙ በተቆረጠበት ቅጽበት ከተሰጠ ብቻ ነው። ቁጥሩን ሰርቨሩ በመድረሻው ላይ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ዳግም የተላከው ያው ደረሰኝ አዲስ ቁጥር ይዞ ይገባና ገደቡ ሳይነካው ያልፍ ነበር። የእኛ ቁጥሮች በጣቢያው የሚሰጡ በመሆናቸው ከዚህ ተርፈናል።

ቀጥሎ ከሁለቱ መንገዶች አንዱ መዘጋት ነበረበት። ክርክሩን የቋጨው «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ አልነበረም፤ እሱ ማለቂያ የለውም። የቋጨው «ክፍያ ለሁለት ሰዓት ቢቆም፣ ያልተከፈለውን የሚያስታውሰው ማን ነው?» የሚለው ነው። «ግዢ» የሚልክ ከሆነ ያልደረሱትን ለይቶ መያዝና እስኪሳካለት ደጋግሞ መላክ ይኖርበታል። «ክፍያ» የሚወስድ ከሆነ ግን እስከየት እንደ ወሰደ ራሱ ስለሚያውቅ፣ ሲነሣ ካቆመበት ይቀጥላል። የከፈለውን የማወቅ ግዴታ ቀድሞም የ«ክፍያ» ስለሆነ ሁለተኛውን መረጥን። ዋጋው እስከ 10 ደቂቃ የሚደርስ መዘግየት ነው፤ ዝርዝሩ በቀን አንድ ጊዜ ስለሚታተም ለእኛ አላስቸገረም። ገንዘቡ ሚዛኑ አጠገብ በእጅ የሚከፈል ቢሆን ግን ይህን ምርጫ አልደግፈውም ነበር።

የግዢው መሐንዲስ በዚህ ላይ አንድ አስፈላጊ ነገር አከለ። «ክፍያ» «ከመጨረሻው በኋላ ያሉትን ስጠኝ» ሲል መጨረሻው በሚዛን ሰዓት ከተለካ፣ ኔትወርክ ጠፍቶበት የቆየ ጣቢያ የጠዋቱን ደረሰኞች ማታ ሲልክ ሰዓታቸው አስቀድሞ ያለፈ ስለሚሆን ለዘለዓለም ይዘለላሉ፤ ይህም ያለ ምንም ስህተት መልእክት የሚፈጸም ነው። ስለዚህ መለኪያው ደረሰኙ ወደ ሰርቨሩ በደረሰበት ቅደም ተከተል የሚሰጥ የመድረሻ ቁጥር ሆነ። «ክፍያ»ም በጠየቀ ቁጥር ለጥንቃቄ 50 ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምራል፤ ተደጋጋሚው በገደቡ ስለሚታገድ ይህ ጉዳት የለውም።

በመጨረሻም ቀስቷ ተደምስሳ እንደገና ተሳለች። አሁን ከ«ክፍያ» ተነሥታ ወደ «ግዢ» ታመለክታለች፤ በላይዋም «በየ10 ደቂቃው ይጠይቃል፤ ከመጨረሻው የመድረሻ ቁጥር በኋላ ያሉ ደረሰኞችን ይወስዳል፤ ግዢ ካልመለሰ በሚቀጥለው ዙር ይደግማል» ተብሎ ተጽፎባታል። ከሥዕሉ ጥግ ላይም «ቀስት ማለት ጥሪ ነው፤ ከጠሪው ይነሣል» የሚል መግለጫ ተጨመረ።

ማርከሩን ሳታስቀምጥ እሷ ከ«ክፍያ» ወደ «ባንክ» የምትሄደውን ሌላዋን ባዶ ቀስት አመለከተች። «ይቺስ ማን ማንን ይጠራል?» ብላ ጠየቀች። ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን፤ ምክንያቱም ባንኩን የሚጠራ ፕሮግራም አልጻፍንም። ያቺ ቀስት ገንዘብ ያዧ ናት፤ ዝርዝሩን አትማ በእጇ ይዛ ወደ ቅርንጫፉ የምትሄደው። ይህን እንደ ጻፍን የሚቀጥለው ችግር ታየን፦ የዳታቤዙ ገደብ አንድ ዝርዝር ሁለት ጊዜ እንዳይታተም አይከለክልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ዝርዝር የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ዳግም የታተመ ከሆነም «ቅጂ» የሚል ቃል በራሱ ላይ ይታተምበታል።