በቡድን የማርኬቲንግ ፕሮጀክት ላይ በሚጻፍ የግል ምልከታ ሪፖርት ውስጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አምስት ተማሪዎች ለታሸገ ሽሮ የማርኬቲንግ ዕቅድ አዘጋጅተው ካስረከቡ በኋላ፣ እያንዳንዳቸው በሥራው ስለነበራቸው ድርሻና ከእሱ ስለተማሩት የግል ምልከታ ሪፖርት እንዲጽፉ ታዘዙ እንበል።

የመጀመሪያው ስህተት ዕቅዱን ደግሞ መጻፍ ነው። ስለ ምርቱ፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ስርጭቱና ስለ ማስታወቂያው መምህሩ በቡድኑ ሥራ ላይ አንብቧል፤ ስለዚህ ለፕሮጀክቱ መግለጫ አንድ አንቀጽ ይበቃል።

ሁለተኛው ኃላፊነትን በስሙ ብቻ ጠርቶ ማለፍ ነው። «መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ» የሚል ተማሪ ምንም አልነገረንም። «80 መጠይቅ በትኜ 52ቱን ያስሞላሁት በግቢያችን ተማሪዎች ነው» ቢል ግን የሠራውን ብቻ ሳይሆን ሥራው የተበላሸበትን ቦታም እናያለን፤ ቡድኑ በገዢነት የመረጣቸው ሥራ የሚውሉ እናቶችን ነበርና።

ከሁሉም በላይ ተማሪዎችን የሚያሰናክለው ስለ ግጭት የሚጻፈው ክፍል ነው። አንዳንዱ «መጠነኛ አለመግባባት በውይይት ተፈታ» ብሎ ይሸፍነዋል፤ ሌላው ሪፖርቱን የክስ ማመልከቻ ያደርገዋል። በምሳሌያችን አንድ አባል መረጃው ገዢዎቹን እንደማይወክል ሲናገር፣ የቡድኑ መሪ ማስረከቢያው ዓርብ መሆኑን አስታውሶ ተቃወመው፤ ክርክሩም ብዙ ሳይቆይ «አንተስ ምን ሠራህ?» ወደሚል ዘለፋ ተለወጠ። ጥሩ ጸሐፊ በሥራው ላይ የተነሳው ልዩነት ወደ ግል ጠብ የተሻገረበትን ቅጽበት ለይቶ ያሳያል፣ የጓደኞቹን ስም ትቶ «አንድ አባል» ይላል፣ የራሱንም ድርሻ አይደብቅም። መጠይቁን የበተነው ተማሪ በዚያ ስብሰባ ዝም ያለው፣ ቢናገር አቋራጭ መንገድ መምረጡ ስለሚታወቅበት ከሆነ፣ መጻፍ ያለበት ይህንኑ ነው። መፍትሔውም በግልጽ ይነገር፦ ቡድኑ ከግቢ ውጭ የተሞሉትን 28 መጠይቆች ለብቻ ተንትኖ፣ ውጤቱ ለገዢዎቹ ሁሉ እንደማይሠራ በዕቅዱ ላይ አስፍሯል።

ንድፈ ሐሳብን በግድ ማልበስም የተለመደ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብሩስ ታክማን እ.ኤ.አ. በ1965 ቡድኖች ከመመሥረት ተነስተው በግጭትና በመግባባት በኩል ወደ ውጤታማ ሥራ እንደሚያልፉ ጽፏል። ነገር ግን ቡድኑ እስከ መጨረሻው ቀን ሲጨቃጨቅ ከነበረ፣ አራቱንም ደረጃዎች አልፈናል ብሎ ከመጻፍ የት ላይ እንደቀረና ለምን እንደቀረ ማስረዳት የተሻለ ነው።

የመጨረሻው፣ ከተነገረው ታሪክ ጋር የማይገናኝ ትምህርት ነው። «የቡድን ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል» የሚለውን ፕሮጀክቱን ያልሠራ ሰውም ይጽፈዋል። የእኛ ተማሪ ግን ወደፊት በመጠይቁ መግቢያ ላይ «ለቤትዎ ሽሮ የሚገዙት እርስዎ ነዎት?» የሚል መለያ ጥያቄ እንደሚያስገባና የመጀመሪያዎቹን 10 መልሶች ለቡድኑ ሳያሳይ ቀሪውን እንደማይበትን ሊጽፍ ይችላል።