የብድር መክፈያ ሰንጠረዥ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በምሳሌነት በ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ተወስዶ በ12 ወር እኩል ክፍያ የሚመለስ የ100,000 ብድር እንውሰድ። በኤክሴል የብድሩ መጠን በB1፣ የወለዱ መጠን በB2፣ የወራቱ ብዛት በB3 ተጽፈዋል እንበል።

የመጀመሪያው ስህተት ዓመታዊውን ወለድ ወደ ወርኃዊ ሳይለውጡ ማስላት ነው። ትክክለኛው ቀመር ይህ ነው፦

```
=ROUND(PMT(B2/12,B3,-B1),2)
```

ውጤቱም፣ ማለትም የየወሩ ክፍያ፣ 8,884.88 ይሆናል። «/12» ከተረሳ ግን ክፍያው 16,143.68 ይመጣል፤ ይህ ስህተት ቁጥሩ ራሱ ስለሚያጋልጠው ብዙም አያስቸግርም።

ከሁሉም የከፋው፣ መልኩ ትክክል ስለሚመስል፣ ጠቅላላውን ወለድ ለ12 ወራት እኩል ማካፈል ነው። ወለድ የሚታሰበው ካለፈው ወር በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ወር ወለዱ የ100,000 አንድ በመቶ፣ ማለትም 1,000 ስለሆነ፣ ከክፍያው 7,884.88 ዋናውን ብድር ይቀንሳል፤ ቀሪው ዕዳ 92,115.12 ይሆናል። በሁለተኛው ወር ወለዱ ወደ 921.15 ሲወርድ ለዋናው ብድር የሚውለው 7,963.73 ይደርሳል። እኩል ያካፈለ ሰው ከስድስት ወር በኋላ 50,000 ብቻ የቀረበት ይመስለዋል፤ እውነተኛው ቀሪ ዕዳ ግን 51,492.09 ነው፤ ልዩነቱም ተበዳሪው ብድሩን ቀድሞ ለመዝጋት ሲጠይቅ ይገለጣል።

ሦስተኛው ስህተት ቀመሩን ወደ ታች ሲጎትቱ የወለዱን ሴል በዶላር ምልክት አለመቆለፍ ነው። የመነሻው ዕዳ በE6 ካለ፣ የመጀመሪያው ወር ወለድ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=ROUND(E6*$B$2/12,2)
```

ምልክቱ ከሌለ ሁለተኛው ረድፍ B2ን ትቶ B3ን፣ ማለትም 12ን ያነባል፤ 12 ለ12 ሲካፈል 1 ስለሆነም የወሩ ወለድ ከቀሪው ዕዳ ጋር እኩል 92,115.12 ሆኖ ይወጣል። በሰንጠረዥዎ ላይ የአንድ ወር ወለድ ካለፈው ወር ቀሪ ዕዳ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ሆኖ ካዩ ሌላ ምክንያት ከመፈለግዎ በፊት ይህን ይመልከቱ።

የመጨረሻው የሳንቲም ጉዳይ ነው። ሴሉ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ቁጥሩን አያጠጋጋውም፤ የተደበቁት ክፍልፋዮች ስሌቱ ውስጥ ስለሚቆዩ፣ የታተመውን ሰንጠረዥ በእጁ የሚደምር ሰው ድምሩ በሳንቲም ሊለያይበት ይችላል። ለዚህም ነው ከላይ ROUND የገባው። ነገር ግን ማጠጋጋቱ የራሱን ትርፍራፊ ይተዋል፤ በዚህ ምሳሌ 12ኛው ክፍያም 8,884.88 ከተደረገ ቀሪው ዕዳ ከዜሮ በታች 0.03 ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻው ክፍያ በቀመር ሳይሆን የቀረውን ዕዳ 8,796.88 ከወሩ ወለድ 87.97 ጋር በመደመር 8,884.85 ይደረጋል፤ ያን ጊዜ የዋናው ብድር ዓምድ ድምር ልክ 100,000፣ የወለዱ ዓምድ ደግሞ 6,618.53 ይመጣል።