እንጀራው ላይ ነጥብ ካያችሁ ቆርሳችሁ አትለፉት

ክረምት ላይ ባሕር ዳር እንጀራ ቶሎ ይሻግታል። ደብረ ማርቆስ ብርዱ ትንሽ ያቆየዋል። ባለፈው እናቴ ቤት መሶቡን ስከፍት የላይኛው እንጀራ ጠርዝ ላይ ምስር የምታክል አረንጓዴ ነጥብ አየሁ። እናቴ «እሷን ቆርሰሽ ጣያትና ብዪው» አለችኝ።

እንጀራውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ከነጥቧ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ዓይኖቹ ውስጥ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ነበር። አረንጓዴው ቀለም የሚታየው ሻጋታው ዘር ሲያወጣ ነው። ቀጫጭን ክሮቹ ግን ከዚያ በፊት ውስጥ ለውስጥ ሄደዋል። እንጀራና ዳቦ ለስላሳና ባለ ቀዳዳ ስለሆኑ መቁረጥ አያድናቸውም። ማሞቅም አያዋጣም፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚያወጣው መርዝ በምጣድ ሙቀት አይጠፋም። ድርቆሽ የሚደረገውም ሳይሻግት ነው እንጂ ከሻገተ በኋላ አይደለም። እና እባካችሁ አታሽትቱት፣ ዘሩ አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

እኔ እሱንም ከሥሩ የተጣበቀውንም ጣልኩ። የቀሩትን አንድ በአንድ በብርሃን አየኋቸው። መሶቡን አራግፌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እናቴ አኩርፋለች።

የእኛ አይብም እርጥብ ስለሆነ ከሻገተ ይጣላል። ቢላ የሚያድነው ደረቁን የፈረንጅ አይብ ነው። እሱንም ከነጥቡ ዙሪያና ከሥሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ፣ ቢላው ሻጋታውን አይንካ። ማርማላታ ላይ ግን ስኳሩ አያታላችሁ፤ ከላይ ጠርጎ መብላት የለም፣ ከነብልቃጡ ይጣላል።