ጣት አብጦ ጠዋት አልታጠፍ ሲል፦ የአጥንት እርጅና ነው ወይስ ሩማቶይድ?

እዚህ ሰሜን ሸዋ፣ በተለይ መንዝ ደጋ ላይ፣ ጣቱ ያበጠ ሁሉ «ብርድ መትቶኝ ነው» እያለ ይመጣል። ካልሆነም የዩሪክ አሲድ ውጤት ይዞ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተው ተብያለሁ» ይላል። ሪህ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት፣ ሌሊት፣ የእግር አውራ ጣት ላይ ይነሳል፤ እሱ ላይ አልቆይም።

አንድ ቀን አማትና ምራት አብረው መጡ። ሁለቱም ሱፍ ይፈትላሉ፣ ሁለቱም «ያው አንድ በሽታ ነው» አሉ።

የአማትየው እብጠት ጥፍር አጠገብ ባለው አንጓና በአውራ ጣት ሥር ነው። ስጫነው ድንጋይ ነው፣ አይሰረጉድም። ጠዋት ጣታቸው ቢተሳሰርም እሳት ለኩሰው ቡና እስኪያፈሉ ይፈታል፤ የሚብሰው ውለው ሲፈትሉ ነው። ይህ የአጥንት እርጅና የምንለው ኦስቲዮአርትራይቲስ ነው፤ የአጥንቱ ጫፍ ለስላሳ ልባስ አልቆ አጥንት ጠርዙ ላይ አብቅሏል። እብጠቱ አይጠፋም፣ አጠፋለሁ የሚልም አትመኑ። ሞቅ ያለ ውሃ፣ ዲክሎፌናክ ቅባት፣ ለአውራ ጣት ደግሞ ደጋፊ ማሰሪያ ይበቃል።

ምራትየዋ ገና ወጣት ናት። የጥፍር አጠገብ አንጓዎቿ ንጹሕ ናቸው። ያበጠው ጣት ከመዳፍ የሚነሳበት ሥርና የእጅ አንጓዋ ነው፣ በሁለቱም እጅ። ስነካው እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል፣ ይሞቃል። አራቱን የጣት ሥሮች በአንድ እጄ ከጎንና ከጎን ቀስ ብዬ ስጨብጥ እጇን ነጠቀችኝ። ማለዳ 12 ሰዓት ተነሥታ እስከ 3 ሰዓት እንዝርት መያዝ አትችልም፤ ስትሠራ ግን ይለቃታል። ይህ ሩማቶይድ ነው፤ ሰውነት የራሱን የአንጓ ሽፋን እያቃጠለ ነው።

መካከለኛው አንጓ ላይ አትፍረዱ፤ ሁለቱም ያሳብጡታል። የጥፍር አጠገብ አንጓ አብጦ ጥፍሩም የተበሳሳ ከሆነ ሶርያሲስ የተባለውን የቆዳ በሽታ አስቡ።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ምራትየዋ የሩማቶይድ የደም ምርመራዋ «ኔጋቲቭ» ነው ተብላ ተመልሳ ነበር። ከአራት ወይም ከአምስት ታማሚ አንዱ ላይ እንዲህ ይወጣል! ራጅም መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ እጁን አይሽርም። ከዚያ በኋላ ያለ ማዘዣ ፕሬድኒሶሎን ስትገዛ ከርማለች። እብጠቱ ሲጎድል የዳነች መሰላት፣ ስታቆም በእጥፍ ተመለሰ። እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ዳንን ሲሉ አጥንታቸው ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ የተበላ አጥንት ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ለስላሳ እብጠት ከስድስት ሳምንት ካለፈ ማስታገሻ እየቀያየሩ መጠበቅ የለም፤ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይላክ።

እዚያ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ሜቶትሬክሴት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወሰዳል፤ በየቀኑ የዋጠ ሊሞት ይችላል። ቀኑን የመድኃኒቱ ፓኬት ላይ በትልቁ ጻፉላቸው። ነፍሰ ጡር ወይም ማርገዝ የምትፈልግ ሴት አትወስደውም፤ ከመጀመሩ በፊት ጠይቋት። ሥራውን ለማሳየት ሳምንታት ይፈጃል፤ ምራትየዋም በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብላ ልትተወው ነበር።