ለጡረታ ሽኝት፦ ከፎቶ ጋር የሚሄድ የሦስት ደቂቃ ንግግር

በመምህር ሽኝት ላይ ፎቶ እያሳየ የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው፣ ታዳሚው የሚያየውን መልሶ በመንገሩ ነው። «እዚህ ላይ ቲቸር ሰሌዳው ፊት ቆመዋል» ማለት አያስፈልግም። የእርስዎ ድርሻ ፎቶው የማያሳየውን መንገር ነው።

መጀመሪያ 12 ፎቶ ብቻ ይምረጡ። ለእያንዳንዱ 15 ሰከንድ ቢሰጡ ሦስት ደቂቃ ይሞላል። የድሮ የወረቀት ፎቶ ከሆነ ከአልበሙ ፕላስቲክ አውጥተው በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ በስልክ ያንሱት። በቴሌግራም ሲቀባበሉ እንደ ፋይል ይላኩት። አለዚያ ጥራቱ ይቀንስና ስክሪን ላይ ሲሰፋ ፊቱ ይደበዝዛል።

ቀጥሎ አብረዋቸው ያስተማሩትን ስለ እያንዳንዱ ፎቶ «ያኔ ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ለምሳሌ አንዲት የሒሳብ መምህርት ነጭ ጋዋን ለብሰው ከተማሪዎች ጋር ቆመዋል እንበል። «ትጉህ መምህርት ነበሩ» ቢሉ ለማንም ይሆናል። ይልቅ የሰሙትን ይንገሩ፦ «የዚህን ጋዋን ኪስ እዩት። ጠመኔ ብቻ አልነበረውም። እስክሪብቶ ለረሳ ልጅ የሚሰጥ እስክሪብቶም ነበረው። ከዚያ ኪስ የወሰደ እጁን ያውጣ።»

እጆች ሲወጡ ዝም ይበሉ። ሳቁ ይብረድ። ፎቶዎቹ በራሳቸው እንዲያልፉ አያድርጉ የምለው ለዚህ ነው፤ ሳቅ ሲረዝም ፎቶው ቀድሞዎት ይሄዳል። ላፕቶፑ ጋ አንድ ሰው ይቀመጥ። ፎቶ የሚቀየርበት ቦታ ላይ ምልክት ያለበት የንግግሩ ቅጂ ይያዝ።

አንድ ነገር አደራ። በድሮ የቡድን ፎቶ ውስጥ ያረፈ ባልደረባ ይኖራል። የሟቹ ባለቤት ሳይዘጋጁ ስክሪን ላይ ቢያዩት ዝግጅቱ ወደ ለቅሶ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው ለቤተሰባቸው ያሳዩ። ይግባ ካሉ መሐል ላይ ያድርጉት እንጂ መጨረሻ ላይ አይሁን። የሟቹን ስም ከነማዕረጉ ይጥሩ፣ «አብረው ነበር ፈተና የሚያርሙት» ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበሉ፣ ትንሽ ዝም ይበሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ፎቶ ፈገግ የሚያሰኝ ይሁን።

ንግግሩን በትልልቅ ፊደል አትመው በስልክ ሰዓት እየያዙ ሁለቴ ጮክ ብለው ያንብቡ። ከሦስት ደቂቃ ካለፈ ዓረፍተ ነገር ከማሳጠር ፎቶ መቀነስ ይሻላል። አዳራሹ ውስጥ ስክሪኑ አጠገብ ያለውን መብራት ብቻ ያጥፉ፤ ሁሉም ከጠፋ ወረቀትዎን ማንበብ አይችሉም። ከስክሪኑ ጎን ቆመው ፊትዎን ወደ ሰዉ ያዙሩ። ወደ ፎቶው ከዞሩ ድምፅዎ ከማይኩ ይሸሻል።

የመጨረሻው ፎቶ የቅርብ ጊዜ ይሁን፤ ብቻቸውን፣ ፊታቸው በደንብ የሚታይበት። እዚህ ላይ ወደ እሳቸው ዞረው በቀጥታ ያናግሯቸው፦ «ቲቸር፣ እስክሪብቶዎን ያልመለስን ብዙ ነን። ለጤናዎ!» ብርጭቆ ይነሳ። ጋቢውን እስኪለብሱ ድረስ ፎቶው ስክሪኑ ላይ ይቆይ።