የእጅ መታጠቢያ ሲንክ ከስር ሲያንጠባጥብ

ከሲንኩ ስር ውሃ ሲታይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው ሲፎኑን ነው። ያጠብቀዋል፣ ጠብታው ግን አይቆምም። ውሃ በቧንቧው ውጫዊ ገጽ ላይ ይወርድና ዝቅተኛው ቦታ ላይ ስለሚንጠለጠል፣ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

እዚህ የማወራው ከቧንቧው ጀርባ ባለች ትንሽ ዘንግ መድፈኛው የሚነሳና የሚወርድበትን ሲንክ ነው። አሜሪካ ያሉ ቤቶች ውስጥ በጣም የተለመደ ነው፤ አዲስ አበባም አይጠፋም።

ስሩን በባትሪ ብታዩት፣ ከሲንኩ ቀዳዳ ወደ ታች የሚወርድ አጭር ቱቦ አለ። ላይኛው ጫፉ ከሲንኩ ውስጥ የሚታየው የብረት ቀለበት ነው። ከስር ደግሞ ወፍራም ጎማና ትልቅ ዳዶ ሲንኩን ጨብጠው ይይዙታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ከቱቦው ጀርባ፣ በትንሽ ዳዶ የታሰረ ቀጭን አግዳሚ ዘንግ ይወጣል። ዘንጉ ላይ ኳስ አለች። የውስጠኛው ጫፍ መድፈኛውን ያነሳል፤ የውጪው ጫፍ ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው የብረት ወይም የፕላስቲክ ጠፍጣፋ ጋር ተያይዞ ወደ ላይ ይሄዳል።

አሁን ሁሉንም በጨርቅ አድርቁ። ቧንቧውን ሳትከፍቱ የሚረጥብ ነገር ካለ፣ ችግሩ ንጹህ ውሃ በሚያመጣው መስመር ላይ ነው። ካልረጠበ መድፈኛውን ዝጉና ሲንኩን ግማሽ ድረስ ሙሉ። ከዚያ በደረቅ ሶፍት ከላይ ወደ ታች እያንዳንዱን መጋጠሚያ ንኩ።

ውሃው ታቁሮ ሳለ ትልቁ ዳዶ አካባቢ ሶፍቱ ከረጠበ፣ ከቀለበቱ ስር ያለው ማሸጊያ ደርቋል። ዳዶውን ማጥበቅ ለጊዜው ቢያቆመውም መልሶ ያፈሳል። በኃይል ማጥበቅ ደግሞ ሸክላውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ፈትቶ ቀለበቱን ማንሳት፣ አሮጌውን ማሸጊያ ፍቆ ማጽዳትና በአዲስ ሲሊኮን መመለስ ነው የሚያዋጣው። ሲሊኮኑ እስኪደርቅ ውሃ አይነካውም።

ሁሉም ደረቅ ሆኖ፣ መድፈኛው ሲከፈት ብቻ ከዘንጉ ጋር ከረጠበ፣ ጥፋተኛዋ ኳሷ ናት። ከመድፈኛው በታች ስለሆነች ውሃ የሚደርሳት ሲፈስ ብቻ ነው። መጀመሪያ ትንሿን ዳዶ በእጅ ሩብ ዙር አጥብቁ። ካልቆመ ከስር ባልዲ አድርጉና ዳዶውን ፈትታችሁ ዘንጉን ወደ ኋላ ሳቡት። ኳሷን ከፊትና ከኋላ የሚይዟት ቀለበቶች ተበልተው ታገኛላችሁ። አዲሶቹን ጎድጓዳቸው ወደ ኳሷ እንዲዞር አድርጋችሁ አስገቡ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቴፍሎን ይጠመጥማል፤ አይረዳም። ውሃውን የሚያግደው ጥርሱ ሳይሆን ኳሷ ቀለበቱ ላይ መቀመጧ ነው። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ዘንጉ አልንቀሳቀስ ይላል።

ምንም ሳያንጠባጥብ የታቆረው ውሃ ቀስ በቀስ ካለቀ፣ መድፈኛውን እዩ። ዙሪያው ያለው ጎማ ደንድኗል ወይም ተቀዷል። ዳዶውን ፈትታችሁ አግዳሚውን ዘንግ ወደ ኋላ ስትስቡት መድፈኛው በእጅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከነፀጉሩና ከነሳሙና ቆሻሻው ነው የሚመጣው፣ ጓንት አድርጉ። ጎማው ለብቻው ካልተገኘ መድፈኛውን ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ። በዓይን ግምት መግዛት አያዋጣም፤ የላዩ ስፋትም የእግሩ ርዝመትም መመሳሰል አለበት።

አዲሱን ስትከቱ እግሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ወደ ኋላ፣ ወደ ዘንጉ ይዙር። መድፈኛው ይቅደም፣ ዘንጉ ይከተል። ዘንጉን በቀዳዳው ውስጥ አሳልፉና ዳዶውን እሰሩ። ዘንጉን ከፍ ዝቅ ስታደርጉ መድፈኛው አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ቀዳዳውን ስቶታል። ቀዳዳ ውስጥ ሳያስገቡ ዘንጉ ላይ ብቻ ማስቀመጥም ይቻላል። ፀጉር ለሚበዛበት ቤት እኔ ይሄን እመርጣለሁ፤ መድፈኛውን በእጅ አንስቶ ማጽዳት ይቻላልና። ትንንሽ ልጆች ካሉ ግን ነቅለው ይጫወቱበታል።

በመጨረሻ ከቧንቧው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ወደ ላይ ሳቡ፤ መድፈኛው ወርዶ መዝጋት አለበት። ክፍተት ከቀረ ጠፍጣፋው ላይ ያለችውን ብሎን አላልታችሁ፣ መድፈኛው እንደተዘጋ ጠፍጣፋውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ እሰሩ። ሲንኩን እንደገና ሞልታችሁ አንዴ ልቀቁትና በአዲስ ሶፍት ኳሷ ጋ ፈትሹ።